አያቴ «የልጅሽ ስም ቁጥሩ ዕዳ አለበት» ብላ ጻፈችልኝ

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የምጽፍልሽ ከሐዋሳ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። ወንድ ነው። ገና ሳረግዝ ጀምሮ ናታን ልለው ወስኜ ነበር፤ ባለቤቴ ዳዊትም ወዶታል። ያሳደገችኝ አያቴ አሁን ሜሪላንድ አክስቴ ጋ ነው የምትኖረው። ሰሞኑን በሰው እጅ የሕፃን ልብስና ረጅም ደብዳቤ ላከችልኝ። በኒውመሮሎጂ የስሙን ቁጥር ስታሰላው 14 መጣባት። 14 ‹የዕዳ ቁጥር› ነው፣ ልጁ ሲያድግ ዕረፍት አይኖረውም፣ በሱስ ይፈተናል ትላለች። ስሙን እንድቀይረው፣ ካልሆነም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ h ጨምሬ Nathan እንድለው ለምናኛለች። ያኔ 22 ይሆናል፣ እሱ የታላላቅ ሰዎች ቁጥር ነው አለች። ባለቤቴ ‹ጥንቆላ ቤቴ አይገባም› ብሎ ተናደደ። እኔ ደግሞ ሌሊት ልጁ ሲያለቅስ 14 ትዝ ይለኛል። ክርስትናው እየደረሰ ነው፤ የልደት ሰርተፊኬትም ገና አላወጣንም። ምን ላድርግ? የአማቼ ስም ተስፋዬ ነው። የደብዳቤውን ፎቶ ልኬልሻለሁ።
የናታን እናት፣ ከሐዋሳ»

የናታን እናት፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ!

አራስ ነሽና መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ስሙን አትቀይሪ። አያትሽን ያስፈራቸው 14 የተገኘው ናታን የሚለው ስም በላቲን ፊደል በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ስለተጻፈና ድምሩም አንድ ቦታ ላይ ስለቆመ ነው። ራሳቸው በያዙት ሕግ ስሌቱን እስከ መጨረሻው ብንሄድበት 14 ቦታውን ይለቃል። እሱን አብረን እናያለን። ከዚያ ለአያትሽ ወደምትደውዪው ስልክ፣ ወደ ባለቤትሽና ወደ ሰርተፊኬቱ እመጣለሁ።

የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስሙ በሰማያዊ እስክርቢቶ፣ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ከእያንዳንዱ ፊደል ሥር በቀይ ቁጥር አለ። N ሥር 5፣ A ሥር 1፣ T ሥር 2፣ እንደገና A ሥር 1፣ N ሥር 5። ከታች 14 ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። T ሥር መጀመሪያ ሌላ ቁጥር ጽፈው ነበር፤ ሰርዘው አስተካክለውታል። ድምሩ ልክ ነው። አንድ ትልቅ ሰው መነጽር አድርገው፣ ቁጥር እየሰረዙ እየደለዙ ለልጅ ልጃቸው ልጅ ቁጭ ብለው የሠሩት ነው። ባለቤትሽ ይህን ገጽ ከመናደዱ በፊት አንዴ በዚህ ዓይን ቢያየው ደስ ይለኛል።

አሁን ስሌቱ ከየት እንደመጣ እንይ። አያትሽ የተጠቀሙት የፓይታጎረስ የሚባለውን ሠንጠረዥ ነው። 26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት በተራ ከ1 እስከ 9 ቁጥር ይሰጣቸዋል። A 1፣ B 2 እያለ I ላይ 9 ይደርሳል። J ላይ እንደገና ከ1 ይጀምራል፤ S ላይ ደግሞ ሦስተኛው ዙር ይነሳል። የስሙ ፊደላት ቁጥር ይደመራል። ድምሩ ከ9 በላይ ከሆነ አኃዞቹ እርስ በርስ ይደመራሉ፤ አንድ አኃዝ ብቻ እስኪቀር ድረስ። Natan 14 ነው፤ 1 እና 4 ሲደመሩ 5 ይመጣል።

5 በዚህ ትምህርት የነፃነት፣ የጉዞና የለውጥ ቁጥር ነው። ማንም አይፈራውም። የሚፈራው ወደ 5 ሲወረድ በመንገድ ላይ የተገኘው 14 ነው። አራት ቁጥሮች «የካርማ ዕዳ» ይባላሉ፤ 13፣ 14፣ 16 እና 19። የ14 ዕዳ ባለፈ ሕይወቱ ነፃነቱን አላግባብ የተጠቀመ ሰው ዕዳ ነው ይላሉ። የሱሱም የዕረፍት ማጣቱም ወሬ የመጣው ከዚያ ነው። በሌላ በኩል 11፣ 22 እና 33 «ማስተር ቁጥር» ይባላሉ። ድምሩ እነሱ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ወደ አንድ አኃዝ አይወርድም። የ h ቁጥር 8 ነው። 14 ላይ 8 ሲጨመር 22 ይሆናል። አያትሽ h ጨምሪ ያሉሽ ለዚህ ነው። ዝም ብለው ከሜዳ ያመጡት አይደለም፤ ሕጉን ያውቁታል።

ግን ከሕጉ አንድ ነገር ዘለዋል። በዚሁ ትምህርት የሰው ዋና የስም ቁጥር የሚወጣው ከመጠሪያ ስሙ ብቻ አይደለም። በልደት ሰርተፊኬቱ ላይ ከሰፈረው ሙሉ ስም ነው። መጠሪያ ስምን ለብቻው የሚያዩ አሉ፤ ግን እንደ ተጨማሪ ነገር እንጂ በዋናው ቦታ አያስቀምጡትም። የአንቺ ልጅ ሙሉ ስም ናታን ዳዊት ተስፋዬ ነው። እንደምረው፦

Natan: 5+1+2+1+5 = 14
Dawit: 4+1+5+9+2 = 21
Tesfaye: 2+5+1+6+1+7+5 = 27

ሦስቱ ሲደመሩ 62። 6 እና 2 ደግሞ 8። እያንዳንዱን ስም መጀመሪያ ወደ አንድ አኃዝ አውርደን ብንደምርስ? አንዳንዶቹ የሚመርጡት ይህን መንገድ ነው። 14 ወደ 5፣ 21 ወደ 3፣ 27 ወደ 9 ይወርዳል። 5፣ 3 እና 9 ሲደመሩ 17፤ ያም 8 ነው። በሁለቱም መንገድ የሙሉ ስሙ ድምር 62 ወይም 17 ነው። ከአራቱ የዕዳ ቁጥሮች አንዱም በዚያ ቦታ የለም። 8 ደግሞ በእነሱ ትምህርት የሥራና የገንዘብ ጉልበት ቁጥር ነው ይባላል።

አሁን አያትሽ የመረጡትን እንሞክር። Nathan ሲሆን 22፣ 21 እና 27 ይደመራሉ፤ 70 ይመጣል፣ መጨረሻው 7 ነው። እስከዚህ ችግር የለም። ነገር ግን እያንዳንዱን ስም አውርደን ስንደምር 4፣ 3 እና 9 ይሆናሉ። ድምራቸው 16 ነው። 16 ከአራቱ ዕዳዎች አንዱ ነው! የተገነባ ነገር የሚፈርስበት፣ ትዕቢት የሚዋረድበት ቁጥር ነው ይባላል። 22 ማስተር ቁጥር ስለሆነ አይወርድም ብለን እንዳለ ብንደምረው ደግሞ 22፣ 3 እና 9 ሲደመሩ 34 ይሆናሉ፤ መጨረሻው ያው 7 ነው፣ ዕዳው ግን የለም። አንድ ስም፣ አንድ ሠንጠረዥ፣ ሦስት የአደማመር መንገድ። በአንዱ 70፣ በአንዱ 16፣ በአንዱ 34። ከ14 ለመሸሽ የገባው h በአንዱ መንገድ ሌላ ዕዳ ይዞ መጣ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ይሄን ልብ ብለሽ ብትከተይኝ ፍርሃትሽ የሚቀል ይመስለኛል። የአንድን ቁጥር አኃዞች እየደመሩ ወደ አንድ አኃዝ ማውረድ ማለት ቁጥሩን ለ9 አካፍሎ ቀሪውን መያዝ ማለት ነው። 62 ለ9 ሲካፈል 8 ይቀራል፤ 70 ለ9 ሲካፈል 7 ይቀራል። ቀሪው ዜሮ ሲሆን 9 ይባላል፤ 27 ወደ 9 የወረደው ለዚህ ነው። ስለዚህ በየትኛውም መንገድ ብትደምሪ መጨረሻው አይለወጥም። በመንገዱ ላይ ብቅ የሚሉት ቁጥሮች ግን እንደ አደማመሩ ይለያያሉ። የዕዳ ቁጥሮቹ ሁሉ የሚገኙት እዚያ መሐል መንገድ ላይ ነው። ድምሩ የት እንደሚያርፍ ደማሪው ይመርጣል። 14ን ያስገኘው ድምሩ ከመጠሪያ ስሙ ሳያልፍ እዚያው መቆሙ ነው፤ ልጅሽ ላይ የተጻፈ ነገር አይደለም።

ሌላው ጉዳይ ፊደሉ ነው። ናታን በአማርኛ ሦስት ፊደል ነው። h የሚባል ድምፅ የለበትም፤ ቢገባም ባይገባም አንቺ ልጅሽን የምትጠሪበት ድምፅ ያው ነው። በላቲን ሲጻፍ ግን የሰው እጅ ይለያያል። አንዱ Natan ይላል፣ ሌላው Nathan፣ አንዳንዱ ደግሞ ረዘም ብሎ እንዲነበብ Naatan ብሎ a ይደግማል። ቁጥሩም 14፣ 22 እና 15 እያለ ይሄዳል። ይህ የሆነው ሠንጠረዡ ለእኛ ፊደል ስላልተሠራ ነው። የፓይታጎረስ ይባል እንጂ ፓይታጎረስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ግሪካዊ ነው። ራሱ የጻፈው ነገር አልተገኘም። J፣ U እና W የሚባሉት ፊደላት ራሳቸውን ችለው የቆሙትም ከእሱ ብዙ ዘመን በኋላ ነው። ዘዴው አሁን ባለበት መልክ የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ነው፤ አትላንቲክ ሲቲ ትኖር የነበረችው ወይዘሮ ባሊየት በዚህ ትታወቃለች። ከዚህ ሌላ የከለዳውያን የሚባል ሠንጠረዥም አለ። እዚያ T ቁጥሯ 2 መሆኗ ቀርቶ 4 ነው፣ 9 የሚሰጠው ፊደልም የለም። አያትሽ ያንን መጽሐፍ አግኝተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንወያየው ስለ ሌላ ቁጥር ነበር።

በእኛም አገር የቆየ የስም ስሌት አለ። ሐሳበ ከዋክብት የሚሉት። እዚያ የልጁ ስምና የእናቱ ስም በግዕዝ ፊደላት ቁጥር ተደምሮ ለ12 ይካፈላል፤ በቀሪው ኮከቡ ይታወቃል ይባላል። ልብ በይ፣ በዚያ ስሌት ዳዊትም ተስፋዬም አይገቡም፤ የሚገባው ያንቺ ስም ነው። አሜሪካ ያለው ስሌት ደግሞ የአባትና የአያትን ስም አስገብቶ ያንቺን ይተወዋል። ሁለቱ ስለ አንድ ሕፃን ሲናገሩ አንድ ዓይነት መልስ ሊሰጡ የሚችሉበት መንገድ የለም። ይህን ያነሳሁት ወደዚያ እንድትሄጂ አይደለም። እንዲያውም ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው «የራሳችንን አስቆጥሪ» ቢልሽ በጊዜ ዝም አሰኚው። አንዱን ፍርሃት በሌላ ፍርሃት አይለውጡም።

የእኔን አቋም ማወቅ ከፈለግሽ ግልጽ ላድርግልሽ። የስም ፊደላት ድምር የልጅን ጠባይ አይወስንም ብዬ አምናለሁ። በሱስ የሚፈተን ልጅ የሚፈተነው ከሚያድግበት ቤት፣ ከጓደኛው፣ ከሰፈሩ፣ ከሚገጥመው ኑሮ ነው። በዚያ ላይ «ዕዳ» የሚለው ሐሳብ ልጁ ከአሁኑ በፊት ሌላ ሕይወት ኖሮ ነበር ብሎ ይጀምራል። ያ ባይኖር ዕዳው አይኖርም። አያትሽ ደብዳቤያቸውን የጀመሩት «በስመ አብ» ብለው ነው፤ ፎቶው ላይ አይቼዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ሰው ደጋግሞ ይወለዳል ብላ አታስተምርም። እሳቸውም ይህን ቢጠየቁ አያምኑበትም። ቁጥሩን ሲቀበሉ ከሥሩ ያለውን ሐሳብ አላዩትም። ይህ በብዙ ደግ ሰው ላይ የሚደርስ ነው።

አሁን ወደ ስልኩ። በቴሌግራም ጽሑፍ አትመልሺላቸው። የጽሑፍ መልስ ቀዝቃዛ ይመስላል፣ ሌላ ሰው ሲያነብላቸውም ቃናው ይለወጣል። ደውዪ። ሐዋሳ አመሻሽ ላይ ሲሆን እዚያ ረፋድ ነው፤ ልጁ ጠግቦ የተኛበትን ሰዓት ምረጪ። ቪዲዮ ከሆነ ይሻላል። መጀመሪያ ልጁን አሳዪያቸው፣ የላኩትን ልብስ አልብሰሽው ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው። ከዚያ በራስሽ ቋንቋ እንዲህ በያቸው፦

«እማዬ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጄን እንዲህ አስበሽለት መቀመጥሽ ልቤን ነካው። ስሙ ግን ናታን ይሁንልኝ፤ ከሆዴ ጀምሮ የጠራሁት በሱ ነው። ስሌቱንም አየሁት። በሙሉ ስሙ ስትደምሪው 14 አይመጣም፤ 8 ነው የሚመጣው። እስቲ እስክርቢቶ ያዢና አብረን እንደምረው።»

ይደምሩት። 62 ሲመጣ ራሳቸው ይዩት። አንቺ ቁጥሩን ባታምኚበትም እሳቸው ያመኑበትን በአክብሮት መመርመር ነውር የለውም። ግን 8 ስለሆነ ደስ ብሎኛል አትበያቸው። ያን ካልሽ ነገ ለሁለተኛው ልጅ ሌላ ደብዳቤ ይመጣል። «እኔ በቁጥሩ አልመራም፣ ያንቺ ልብ እንዲያርፍ ብዬ ነው» ብለሽ በግልጽ ንገሪያቸው። Nathan ቢሆን 16 እንደሚመጣ ደግሞ እሳቸው ካላነሱት አታንሺው። አንድ ዕዳ ይዘው የመጡትን ሴትዮ ሌላ ጨምረሽ ማሳቀቅ አያስፈልግም።

አንድ የምነግርሽ ነገር ደግሞ አለ፤ ለአያትሽ ከቁጥር በላይ ክብደት ያለው ይመስለኛል። ናታን ዳዊት የሚለው ስም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። ንጉሥ ዳዊትን ስለ ኦርዮ ሚስት ፊት ለፊት የገሠጸው ነቢዩ ናታን መሆኑን ታውቂያለሽ። ዳዊት ግን ናታን የሚባል ልጅም ነበረው። 2ኛ ሳሙኤል 5፥14 ላይ በኢየሩሳሌም ከተወለዱለት ልጆች መካከል ከሰሎሞን ስም ፊት ተጽፏል። በሉቃስ ወንጌል 3፥31 ደግሞ የጌታ የትውልድ ሐረግ የሚወርደው በዚህ በናታን በኩል ነው። ይህን ምዕራፍ በስልክ አንብቢላቸው። ወይም እሳቸው አውጥተው ያንብቡልሽ።

አያትሽ ናፍቆት ላይ እንደሆኑም አትርሺ። ያሳደጉሽ እሳቸው ናቸው። ቅርብ ቢሆኑ ገንፎውን አገንፍተው፣ አንቺን አርሰው፣ ልጁን አጥበው፣ ስሙንም አብረው ሲመክሩ ነበር የምታያቸው። ከዚያ ሁሉ የቀራቸው ደብዳቤ መጻፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ስሙን ስትይዢ ሌላ ነገር ስጫቸው። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በ40 ቀኑ ነው፤ የቀረሽ ሁለት ሳምንት ተኩል ቢሆን ነው። የክርስትና ስሙን የሚያወጡት ካህኑ ናቸው፣ ብዙ ጊዜም ከዕለቱ ቅዱስ ጋር ያያይዙታል። ቢሆንም ቤተሰብ የሚወደውን ቅዱስ አስቀድሞ መንገር የተለመደ ነው። አያትሽን «የማንን ስም ብናስብለት ትወጂያለሽ?» ብለሽ ጠይቂያቸው፤ ለካህኑም ንገሪ። ከዚህ ሌላ በእኛ ቤት አያት የራሷን መጠሪያ ታወጣለች። አንዷ «ጌትዬ» ትላለች፣ ሌላዋ «አባቢ»። አያትሽ የፈለጉትን ያውጡለት። እሱ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ሰርተፊኬት ላይም አይገባም።

ባለቤትሽን በሚመለከት፣ በአቋሙ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ጥንቆላ የሚለውን ቃል ግን አያትሽ ጆሮ እንዳያደርሰው። አክስትሽ መስመር ላይ ሆና ቢያመልጠው ነገሩ የስም መሆኑ ቀርቶ የዘመድ ጠብ ይሆናል። ከመደወልሽ በፊት የምትዪውን ንገሪው። መጨረሻ ላይ ስልኩን ተቀብሎ ሰላም ይበላቸው፣ ይመርቁት።

የሰርተፊኬቱ ነገር ደግሞ ከ14 ይልቅ የሚያሳስበኝ ነው፤ የላቲኑ አጻጻፍ በትክክል ዋጋ የሚኖረው እዚህ ነው። ልደት መመዝገብ ያለበት በ90 ቀን ውስጥ ነው። የወለድሽበት ጤና ተቋም የሰጠሽን የልደት ማሳወቂያ ወረቀት፣ የሁለታችሁንም መታወቂያ ይዛችሁ ወደ ቀበሌያችሁ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ባለቤትሽ ፓስፖርት ካለው ያውጣው። እዚያ ላይ Dawit ተብሎ ከሆነ የተጻፈው፣ በልጁም ሰርተፊኬት ላይ Dawit መሆን አለበት። የእሱ Dawit ሆኖ የልጁ Daweet ቢሆን፣ ነገ አያትሽን ልትጠይቁ ቪዛ ስትጠይቁ አባትና ልጅ መሆናችሁን ለማስረዳት ደጅ ትጠናላችሁ። Tesfaye ላይም እንዲሁ፤ በውጭ አገር ወረቀት የመጨረሻ ስም ሆኖ የሚያዘው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ለመጠሪያ ስሙ እኔ Natan የሚለውን እመርጥልሻለሁ። እንደምንጠራው የተጻፈ ነው፣ የሚያነብም አይሳሳትም። Nathan ካላችሁት እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ኔይተን» ብሎ ይጠራዋል። ሁለታችሁም ያንን ብትወዱ ግን ጥፋት የለበትም፤ ስለወደዳችሁት ይሁን፣ ስለ 22 አይሁን። የመረጣችሁትን በወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፋችሁ ያዙ። ጸሐፊው በቃል ሰምቶ እንዳይጽፍ ወረቀቱን ስጡት። ከመታተሙ በፊት ስክሪኑን አሳየን በሉት፤ ሦስቱንም ስም ፊደል በፊደል አንብቡ። የልደት ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር አመሳክሩ። ከታተመ በኋላ ማረም ሌላ ማመልከቻና ሌላ ምልልስ ነው፤ አንቺ ደግሞ አራስ ነሽ።

አያትሽ ይህን ሁሉ ሰምተው አሁንም ካልተዋጠላቸው አትጨቃጨቂ። ስልካቸው ላይ የልጁን ፎቶ Nathan ብለው ቢያስቀምጡ ማንንም አይጎዳም። እንዲበርድላቸው ብለሽ ግን «ቀየርኩት» አትበያቸው። ሰርተፊኬቱን አንድ ቀን ያዩታል፤ የሚያስቀይማቸውም ያኔ ነው። ሌሊት ልጁ ሲያለቅስ ደግሞ መጀመሪያ ዳይፐሩን እዪ፣ ከዚያ አጥቢው፣ አስገሺው። ካተኮሰው ወይም ጡት እምቢ ካለ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።